በሁለት መስታወት መካከል ስንት ምስል አለ? ፔሪስኮፑስ ለምን ይዘቀዝቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁለት ዝርግ መስታወቶችን በ72 ዲግሪ አቁመን አንድ ሳንቲም ወደ ግራው መስታወት አስጠግተን አስቀመጥን፤ ከግራው በግምት 20 ዲግሪ ላይ ነው። ቀመሩ (360/θ − 1) 4 ምስል ይላል። አብዛኞቹ ተማሪዎች 4 ቆጠሩ። አንዱ ግን 5 ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ አንዷ ደግሞ ለእኔ የሚታየኝ 3 ብቻ ነው አለች። 50 ዲግሪ ስናደርገው ቀመሩ ጭራሽ 6.2 ምስል ይለናል፤ ስንቆጥር 6 ነው። ማን ነው ልክ? ሌላው፣ ለሳይንስ ክበባችን በካርቶን የሠራነው ፔሪስኮፕ ሰውን ዘቅዝቆ ያሳያል። ምን አጥፍተን ነው?

ምላሽ፦

መምህር፣ ሦስቱም ወገኖች ልክ ናቸው። አምስት ያለው ልጅ ዓይኑን ወደ ግራው መስታወት በጣም አስጠግቶ ነበር፣ ሦስት ያለችው በቀኙ ዳር ነበረች፣ የቀሩት መሐል ላይ ነበሩ ብል ብዙም የምሳሳት አይመስለኝም። ሳላያቸው ይህን እንዴት እንደምል ከዚህ በታች አሳያለሁ።

ቀመሩን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ያለ ምንም ጥያቄ የሚሠራው 360 ለማዕዘኑ ተካፍሎ ተጋማሽ ቁጥር ሲመጣ ብቻ ነው፤ 90፣ 60 እና 45 ዲግሪ እንዲህ ናቸው። እንደ 72 እና 120 ውጤቱ ኢተጋማሽ ሲሆን ቀመሩ የሚሠራው ዕቃው ከሁለቱም መስታወቶች እኩል ርቆ መሐል ለመሐል ከተቀመጠ ነው። ሙሉ ቁጥር ካልመጣ ደግሞ ቀመሩን መጠየቅ ዋጋ የለውም። ተማሪን ይህን ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ከማስሸምደድ በመደመር ብቻ ማስቆጠር ይሻላል።

ዝርግ መስታወት የዕቃውን ምስል የሚያስቀምጠው ዕቃው ከፊቱ ያለውን ያህል ከኋላው ነው። ይህን በሳንቲ ሜትር መለካቱን ትተን በማዕዘን እንለካው፤ መነሻችን ሁለቱ መስታወቶች የሚጋጠሙበት መስመር ይሁን። የእርስዎ ሳንቲም ከግራው መስታወት 20 ዲግሪ ፊት ለፊት ስላለ የመጀመሪያ ምስሉ ከግራው መስታወት 20 ዲግሪ ኋላ ይወድቃል። አሁን ቀኙ መስታወት ይህን ምስል ራሱን እንደ ዕቃ ያየዋል። ከቀኙ መስታወት እስከዚያ ምስል ድረስ ያለው ማዕዘን 20 ሲደመር 72 ነው፤ ስለዚህ ቀኙ መስታወት 92 ዲግሪ ከኋላው ሁለተኛ ምስል ይፈጥራል። ግራው ደግሞ ተራውን ይህን ሁለተኛውን ያየዋል፤ 92 ሲደመር 72፣ 164 ዲግሪ ከኋላው ሦስተኛ ምስል ይፈጥራል። አንድ ጊዜ ደግመን 72 ብንጨምር 236 ይሆናል። ይህ ከ180 አለፈ። ከ180 ማለፍ ማለት ያ ሦስተኛ ምስል ከሁለቱም መስታወቶች ጀርባ ገብቷል ማለት ነው፤ መስታወት ደግሞ ከጀርባው ላለው ነገር ምስል አይፈጥርም። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ከግራው የጀመረው ሰንሰለት 20፣ 92፣ 164 ነው፤ ሦስት ምስል። ሳንቲሙ ከቀኙ መስታወት ያለው ርቀት 72 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 52 ዲግሪ ነው፤ ከቀኙ የሚጀምረው ሰንሰለት 52 ብሎ 124 ላይ ይደርሳል፤ ቀጣዩ 196 ስለሆነ ያበቃል። ሁለት ምስል። በድምሩ አምስት። አምስቱም ከመጋጠሚያው ያላቸው ርቀት ከሳንቲሙ ጋር እኩል ስለሆነ በአንድ ክብ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሰሌዳ ላይ በኮምፓስ ለማሳየት ይመቻል።

ሳንቲሙን መሐል ላይ፣ 36 ዲግሪ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ ከግራም ከቀኝም 36 እና 108 ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ልክ 180 ይሆናል። ልክ 180 ሲመጣም ይቆማል፣ ምክንያቱም ምስሉ በራሱ በመስታወቱ መስመር ላይ ስለወደቀ ከፊትም ከኋላም አይደለም። ሁለት እና ሁለት አራት፤ የቀመሩ 4 የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀራል። 60 ዲግሪ ላይ ዕቃውን ከግራው 20፣ ከቀኙ 40 ዲግሪ ላይ እናድርገው። ግራው 20፣ 80፣ 140 ይሰጣል፤ ቀኙ 40፣ 100፣ 160። ሲደመር ስድስት ነው፤ የሚገኘው ግን አምስት ነው። ከግራው 140 ዲግሪ ኋላ ያለው ነጥብና ከቀኙ 160 ዲግሪ ኋላ ያለው ነጥብ አንድ ቦታ ናቸው፤ 140፣ 160 እና በመስታወቶቹ መካከል ያለው 60 ሲደመሩ ሙሉ ክብ፣ 360 ይሞላሉ። ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል እርምጃ ሄደው መጨረሻቸው እንዲህ ሲገጥም አንዱን ቀንሱ። ይህ የሚሆነው በእነዚያ ተጋማሽ ውጤት በሚሰጡ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፤ ቀመሩ በእነሱ ላይ የማይስተው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ጭቅጭቅ። ምስል መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ ማየት ሌላ ነው። ከመስታወት ኋላ ያለ ምስል የሚታየው ከዓይን ወደ ምስሉ የተሰመረው መስመር በዚያው መስታወት ላይ ካለፈ ነው። በማዕዘን ስንለው፣ የምስሉ ማዕዘን ከመስታወቱ ኋላ እና የዓይኑ ማዕዘን ከዚያው መስታወት ፊት ሲደመሩ ከ180 ካነሱ ይታያል። ከበለጡ መስመሩ ከመጋጠሚያው ወዲያ ማዶ ያልፍና ምስሉ ይሰወራል።

በእርስዎ አምስት ምስሎች ላይ እንሞክረው። ከግራው ኋላ ያለው 20፣ ከቀኙ ኋላ ያሉት 52 እና 92 ለማንም ይታያሉ፤ ዓይን በሁለቱ መስታወቶች መካከል የትም ቢሆን ድምሩ 180 አይደርስም። ከግራው 124 ዲግሪ ኋላ ያለው የሚታየው ዓይኑ ከግራው መስታወት ከ56 ዲግሪ በታች ከሆነ ነው። 164 ላይ ያለው ደግሞ ከ16 ዲግሪ በታች ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ በግራው መስታወት ጥግ በ16 ዲግሪ ውስጥ ያለ ዓይን አምስት ያያል። መሐል ባለው የ40 ዲግሪ ሰፊ ቦታ ያሉት አራት ያያሉ። በቀኙ ጥግ በ16 ዲግሪ ውስጥ ያለው ሦስት ብቻ። አብዛኛው ክፍል 4 ያለው ቀመሩ ልክ ስለሆነ ሳይሆን አብዛኛው ሰው መሐል ስለሚቀመጥ ነው።

በ50 ዲግሪ የቆጠራችሁት 6ም እንዲሁ ነው። ዕቃው መሐል ከሆነ ከእያንዳንዱ ወገን 25፣ 75፣ 125 እና 175 ይመጣል፤ አራት እና አራት፣ ስምንት ምስል። ነገር ግን 175 ላይ ያሉትን ለማየት ዓይን ከመስታወቱ ከ5 ዲግሪ በታች መጠጋት አለበት፣ ይህም ግንባርን መስታወቱ ላይ እንደመለጠፍ ነው። መሐል ለቆመ ሰው የሚታዩት ከየወገኑ ሦስት ሦስት ናቸው። ዕቃውን ከግራው ወደ 10 ዲግሪ ብታስጠጉት ደግሞ የምስሉ ብዛት ራሱ ተለውጦ ሰባት ይሆናል፤ በ10 ጀምራችሁ 50 እየጨመራችሁ ራሳችሁ አረጋግጡት። የቀመሩ 6.2 ለአንዳቸውም መልስ አይደለም።

ሙከራውን ስትደግሙት ሳንቲሙን ተዉት። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሳንቲም ከመጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲቀመጥ ወደ 14 ዲግሪ ይይዛል፤ ያ ሁሉ ልዩነት የተፈጠረው በ16 ዲግሪ ወሰን ላይ ስለሆነ የሳንቲሙ አንድ ጎን ታይቶ ሌላው ሊሰወር ይችላል፤ ግማሽ ሳንቲም ደግሞ አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው አይቆጥረውም። ጭቃ ወይም ሰም ላይ የተተከለ የእርሳስ ቁራጭ ይሻላል። ተማሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይይ፤ ሁለት ዓይን ማለት ሁለት የተለያየ ቦታ ነው።

መስታወቶቹ ርዝመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ ፍሬም ወይም ፕላስተር አይኑር። የመጨረሻውን ምስል የሚያሳየው ብርሃን ሦስት ጊዜ ሲነጥር በመሐል ላይ ከመጋጠሚያው በአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው የሚያልፈው፤ የተሸረፈ ጠርዝ ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ያንን ምስል ይበላዋል። ሌላው አሳሳች ነገር፣ የቤት መስታወት የተቀባው በጀርባው በኩል ስለሆነ የፊቱም ብርጭቆ ትንሽ ብርሃን ይመልሳል። በጣም ዘንበል ብሎ ለሚያይ ዓይን ይህ ደካማ ጥላ እየደመቀ ይሄድና ከዋናው ምስል ጎን ሁለተኛ ምስል ይመስላል። አምስተኛው ምስል የሚፈለገውም እንዲያ ዘንበል ተብሎ ነው። ከዋናው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ተለይቶ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ከሆነ አይቆጠር።

እርሳሱ ላይ «ፈ» የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ለጥፉበት። አንድ ወይም ሦስት ጊዜ የነጠረው ምስል ፊደሉን ገልብጦ ያሳያል፤ ሁለት ጊዜ የነጠረው ግን እንደተጻፈው ያሳያል። ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1817 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ካላይዶስኮፕ፣ ማለትም ባለቀለም ቁርጥራጮችን በመስታወት እያባዛ የሚያሳየው ቱቦ፣ መስታወቶቹ 360ን ለተጋማሽ ቁጥር በሚያካፍል ማዕዘን ካልቆሙ የሚያምር ነገር የማይወጣውም በዚህ ነው። ከሁለት ወገን የመጡት የመጨረሻ ምስሎች ቦታቸው ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኛቸውም መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ሥዕሉ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ሁለት ጊዜ የነጠረ ምስል አይገለበጥም ያልነው ቀጥታ ወደ ፔሪስኮፕ ይወስደናል። ብርሃን በሁለት መስታወቶች ተራ በተራ ሲነጥር አቅጣጫው የሚዞረው በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ማዕዘን እጥፍ ነው። ትይዩ ከሆኑ ማዕዘኑ ዜሮ ስለሆነ ብርሃኑ ምንም ሳይዞር፣ ወደ ታች ብቻ ተዛውሮ በገባበት አቅጣጫ ይወጣል። ፔሪስኮፕ ማለት ይኸው ነው፤ ላይኛውም ታችኛውም መስታወት በ45 ዲግሪ አንድ ዓይነት ዘንበል ብለው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የእናንተ ግን ይመስለኛል አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ዘንበል ብሏል። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 90 ይሆናል፤ እጥፉ 180 ነው፤ የሚታየው ከተመልካቹ ጀርባ ያለው ነገር ነው፣ እሱም ተዘቅዝቆ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የላይኛው መስኮትና የታችኛው መስኮት በቱቦው በአንድ ጎን ከሆኑ ጥፋቱ ይህ ነው። በትክክለኛ ፔሪስኮፕ ላይ መስኮቶቹ በተቃራኒ ጎን ናቸው። የላይኛውን ክፍል ብቻ አዙሬ ላስተካክል ብላችሁ ደግሞ አትድከሙ። የላይኛው መስታወት ከታችኛው ተለይቶ በሩብ ዙር ሲዞር ምስሉም በሩብ ዙር ይዞራል፣ የቆመ ሰው የተኛ ይመስላል። ልክ የሚሆነው ግማሽ ዙር ሙሉ ሲዞር ነው፤ ያ ማለት ደግሞ መስታወቱን እንደገና መትከል ነው።

ለአዲሱ የምመርጠው ልክ ይህ ነው። ቱቦው ከውስጥ 7 በ7 ሳንቲ ሜትር፣ ከመስታወት መሐል እስከ መስታወት መሐል 40 ሳንቲ ሜትር። የቱቦው ርዝመት 47 ይሆናል። 30 በ47 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ውሰዱና አራት የ7 ሳንቲ ሜትር ጎኖችና 2 ሳንቲ ሜትር መለጠፊያ አስምሩበት። ፕሮትራክተር አያስፈልግም፤ በሁለቱ የጎን ገጾች ላይ ከላይም ከታችም 7 በ7 ካሬ ሥላችሁ ሰያፍ መስመሩን ብታሰምሩ 45 ዲግሪ ራሱ ይወጣል። የላይኛውና የታችኛው ሰያፍ በአንድ ገጽ ላይ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል አለባቸው። በተቃራኒው ገጽ ላይ ግን ካርቶኑ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ እያለ ሰያፉ ወደ ሌላኛው ወገን ያዘነብላል፣ ምክንያቱም ሲታጠፍ ያ ገጽ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ብዙ ካርቶን ይበላሻል። ስለዚህ ሰያፎቹን ስንጥቅ አድርጋችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ካርቶኑን አጥፋችሁ በብርሃን ተመልከቱ።

የካሬው ሰያፍ 7 ጊዜ 1.41፣ ማለትም 9.9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መስታወት ቤት ሄዳችሁ 7 በ10 ሁለት አስቆርጡ፤ ጠርዙን አስሞርዱት። መስታወቱ በስንጥቁ ገብቶ ይቆማል፤ ከመለጠፉ በፊት ይስተካከላል። መስኮቶቹን ዳር ዳሩን ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ትታችሁ 6 በ6 ክፈቱ። ውስጡን ጥቁር ወረቀት አልብሱት፤ ነጭ ካርቶን ራሱ ስለሚያበራ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ፀሐይን በዚህ እንዳያዩ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ መስታወት ሁለት ጊዜ ቢያንጸባርቃትም የፀሐይ ጉልበት ለዓይን አደገኛ እንደሆነ ነው።

ስታስተካክሉ ከ45 ይልቅ ትይዩነትን አሳዱ። ሁለቱም 43 ዲግሪ ላይ ቢሆኑና ትይዩ ከሆኑ አቅጣጫው አይዛባም፤ ብርሃኑ ቱቦውን በ4 ዲግሪ አግድሞ ስለሚወርድ በ40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከመስኮቱ የተወሰነው ይጨልማል እንጂ። አንዱ 45፣ ሌላው 43 ከሆነ ግን ዕይታው በእጥፉ፣ በ4 ዲግሪ ይዛባል፤ 10 ሜትር ርቀት ላይ ይህ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሰው ፊት አያለሁ ያለ ልጅ ወገቡን ያያል። ለመፈተሽ ሩቅ ያለ የጣሪያ ጠርዝ ምረጡ። በአንድ ዓይን በፔሪስኮፑ፣ ወዲያው በሌላው ዓይን በቀጥታ ተመልከቱት። ሁለቱ መስመሮች ከፍ ዝቅ ካሉ አንዱን መስታወት በስንጥቁ ውስጥ በወረቀት ቅዳጅ ደግፋችሁ አስተካክሉ፤ ሲገጥም ብቻ ለጥፉ።

ልጆቹ ይረዝም ማለታቸው አይቀርም፤ የሚገድበው የዕይታ ስፋት ነው። ቱቦውን በሐሳብ ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጉት። ዓይን ከታችኛው መስኮት 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ እስከ መስታወቱ መሐል 3.5፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ እስከ ላይኛው መስኮት 3.5፤ በድምሩ 52 ሳንቲ ሜትር። ዓለሙን የምናየው 52 ሳንቲ ሜትር ርቆ በተቀመጠ የ6 ሳንቲ ሜትር መስኮት ነው ማለት ነው። 10 ሜትር ላይ የሚታየው ስፋት 6 ለ52 ተካፍሎ በ10 ሜትር ሲባዛ 1.15 ሜትር ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን። በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ርቀት አንድ ሜትር ብታደርጉት ድምሩ 112 ይሆንና ስፋቱ ወደ 54 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ ሰው እንኳ ትከሻው ሙሉ ላይገባ ይችላል። የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ረጅም ፔሪስኮፕ በውስጡ ሌንሶች የሚደረደሩለት ለዚህ ነው፤ በመስታወት ብቻ ቢሆን ብዙ ሜትር ከሚረዝም ቀጭን ቱቦ የሚታየው ነገር እጅግ ይጠብ ነበር። ከሰው በላይ ሆኖ ሰልፍ ወይም ጨዋታ ለማየት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ከማስረዘም ይልቅ ወደ ጎን አስፉት፤ ቱቦውን 7 በ15 አድርጉት፣ መስታወቱን 15 በ10 አስቆርጡ፣ መስኮቱን 14 ሳንቲ ሜትር ክፈቱ። የሰያፉ ልክ አይለወጥም፤ ወደ ጎን የምታዩት ግን 10 ሜትር ላይ 2.7 ሜትር ይሆናል።